«ጎበዝ ሐኪም ነው» ሲባል

በአዳሚ ቱሉና በባቱ ወባ የቆየ በሽታ ነውና ስለ ክሊኒክ ሲወራ ትኩሳት አይጠፋም። «ሐኪሙ ሰው አክባሪ ነው፤ ሳልጠብቅ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ» የሚል ምስክርነት ስንሰማ ሦስቱን ነገር እንለያቸው። አክብሮቱን ታካሚው በዓይኑ አይቷልና እንመነው። አለመጠበቁ ግን ሊያሳስበን ይገባል፤ የወረፋ ጥበቃ ሌላ፣ የላቦራቶሪ ጥበቃ ሌላ ነው። ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ እንኳ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የሕክምናው ውጤትም በሦስት ቀን አይለካም። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ክሎሮኪን የደሙን ተውሳክ ሲያጠፋ የጉበቱን የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ነው፤ እሱም በተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ይዋጣል። እርግጥ ዳግም መታመም ሁልጊዜ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ አዲስ የትንኝ ንክሻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምስክሩን «ደምህ ታየ? የትኛው ወባ ነው ተባልክ? ከወራት በኋላስ እንዴት ሆንክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእነዚህ መልስ የሌለው ምስክርነት የሐኪሙን ጠባይ እንጂ ሕክምናውን አይነግራችሁም።