ነጥቡ የት ጠፋ? የእርማት መመሪያንና የአራሚዎችን አስተያየት ስለ ማንበብ

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ የወደቀው ተማሪ ምኑን እንደ ሳተ በምን ሊያውቅ እንደሚችል ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ለተማሪው የሚደርሰው በየትምህርቱ ያገኘው ቁጥር ነው። አይከል ላይ ተምሮ በፊዚክስ 38 ያመጣ ተማሪ የቀሩት 62 ነጥቦች በምን ዓይነት ስሕተት እንደ ሄዱ ሳያውቅ ለሪሜዲያል ትምህርት ይመዘገባል፤ ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እንደ አዲስ ይጀምራል።

በሌላ አገር ሁኔታው እንዲህ አይደለም። የምዕራብ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት የዋና አራሚዎችን ሪፖርት ለሕዝብ ያወጣል፤ ካምብሪጅም ከፈተናው በኋላ ጥያቄውን፣ የእርማት መመሪያውንና የአራሚዎቹን ሪፖርት ያቀርባል። መመሪያው ነጥብ የሚያስገኘው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ሪፖርቱ ደግሞ ተማሪዎች በዚያ ፈንታ ምን እንደ ጻፉ ይገልጻል። የጎደለው ነጥብ ምክንያት የሚገኘው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ነጥብ የተሰጠው ይህ ጥያቄ ይታይ፦ «ውሃ በአይከል ከመተማ ባነሰ የሙቀት መጠን የሚፈላው ለምን እንደሆነ አብራሩ።» አይከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ሲሆን መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው። ተገቢ የሆነ የእርማት መመሪያ አንዱን ነጥብ የሚሰጠው በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት ዝቅ እንደሚል ለጻፈ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል መሆኑን ለገለጸ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአየሩ ግፊት ሲያንስ እንፋሎቱ ያን ግፊት ለመድረስ ዝቅተኛ ሙቀት እንደሚበቃው ላስረዳ።

አንድ ተማሪ «አይከል ደጋ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይፈላል» ቢል ዜሮ ያገኛል። የአካባቢው ቅዝቃዜ የመፍያ ነጥብን አይወስንም፤ ደግሞም «ቶሎ» የሚለው ስለ ጊዜ ሲሆን የተጠየቀው ስለ ሙቀት ነው። ሌላው «ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል» ይላል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ሐረግ ጥያቄውን መልሶ ከመናገር አያልፍም። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ፅንሰ ሐሳቡን እንደገና መማር ነው። ሁለተኛው ግን ትምህርቱን የሚያውቅ ይመስላል፤ የሳተው በጥያቄው ጎን የተጻፈው ቁጥር 3 ሦስት እርምጃ እንደሚጠይቅ ነው። ለሁለቱም «ጠንክራችሁ አጥኑ» ቢባሉ ለየትኛውም መልስ አይሆንም።

መመሪያን የማንበብ አደጋም አለ። ቃላቱን በቃሉ የሸመደደ ተማሪ በሚቀጥለው ፈተና በፕሬሸር ኩከር ውስጥ ምግብ ለምን ፈጥኖ እንደሚበስል ሲጠየቅ ይደናገራል፤ መርሑ ያው ሆኖ ሳለ ግፊቱ የሚጨምረው በተቃራኒው ነውና።

ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ መመሪያው ከአንድ ፊደል አያልፍም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ በደንብ የተሠራ የተሳሳተ ምርጫ ከታወቀ ስሕተት የሚወጣ ነው። ከጎንደር እስከ አይከል ያለውን ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መኪና በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ቢጨርስ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 11.1 ሜትር ነው። 40ን የመረጠ አሃዱን መለወጥ ረስቷል፤ 12.8ን የመረጠ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃን 1.3 ሰዓት አድርጎ ወስዷል፤ 144ን የመረጠ ደግሞ በ3.6 ማካፈል ሲገባው አባዝቷል። የተመረጠው ፊደል ራሱ የአራሚ አስተያየት ነው፤ ተማሪው የጥያቄ ወረቀቱንና የራሱን ምርጫ ዳግመኛ እስካየ ድረስ።

ይህ በትምህርት ቤት ደረጃ በሚሰጠው ሞዴል ፈተና ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። 60 ተማሪ የያዘ መምህር በየወረቀቱ ላይ አስተያየት ሊጽፍ አይችልም፤ እንዲጽፍም መጠበቅ አይገባም። ሃያ ያህል ወረቀት አንብቦ የተደጋገሙትን ሦስት አራት ስሕተቶች በሰሌዳ ላይ ቢያሰፍርና ወረቀቶቹን ከነመመሪያው ቢመልስ ግን፣ ያ በትንሹ የአራሚዎች ሪፖርት ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም በበኩሉ በእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ተማሪ የትኛውን ፊደል እንደ መረጠ ቢያወጣ፣ የሚያስፈልገው ቆጠራ ከተሰበሰቡት መልሶች ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛ እርማት አይጠይቅም።