80 ቃል በደቂቃ

ባለፈው ወር ሁለታችን ለአንድ ድርጅት የኮል ሴንተር ሠራተኞች ምልመላ ስናግዝ ሰነበትን። የሚፈለጉት 6 ሰዎች፤ የመጣው ሲቪ ከ200 በላይ። ማስታወቂያው የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ አማርኛና አፋን ኦሮሞ መናገር፣ ፈጥኖ መተየብ፣ የተቆጣ ደንበኛን ማስተናገድ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሁሉም ሰው አደረግን። «በጣም ጥሩ» ያለውን ወደ ቀኝ፣ «መካከለኛ» ያለውን ወደ ግራ። ማታ ላይ የቀኙ ክምር ተራራ አከለ። አገሩ ሁሉ በጣም ጥሩ ሆኖ አገኘነው!

በማግስቱ አንዳችን ለምሳ ስንወጣ የግራውን ክምር ማገላበጥ ጀመረ። እዚያ ውስጥ የአንዲት ልጅ ሲቪ አለ፤ አንድ ገጽ ብቻ። ሦስት ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆርጣለች። «ኮል ሴንተር» የሚል ቃል የለውም። ትየባ ላይ «25 ቃል ገደማ፣ በመለማመድ ላይ» ብላለች። የጣልናት እኛው ነን። የጣልናት ደግሞ እውነቱን ስለጻፈች ነው።

የዛሬው ክርክራችን ከዚህ ይነሳል። ሲቪን በቅጽል የሚያጣራ ሰው ሐቀኛውን እየቀጣ ደፋሩን ይሸልማል። በሚቀጥለው ዓመት ሐቀኛውም ይማርና «በጣም ጥሩ» ብሎ ይመጣል።

ከቋንቋው እንጀምር። «አፋን ኦሮሞ፦ በጣም ጥሩ» የሚለው መስመር ማንበብን ይሁን፣ ከጎረቤት ጋር መጨዋወትን ይሁን፣ ወይስ ሒሳብ የተዛባበትን ሰው በስልክ ማስረዳትን፣ አይነግረንም። ስለዚህ የቋንቋውን ዝርዝር ትተን የሥራውን ታሪክ ማንበብ ያዝን፤ በዚህ ቋንቋ ማንን፣ የት፣ ስለ ምን አስተናገደ? የመናኸሪያዋ ልጅ «ለተጓዦች የጉዞ ለውጥና የገንዘብ ተመላሽ በሁለቱም ቋንቋ ማስረዳት» ብላ ጽፋለች። ይህ በስልክ ሊጠየቅ የሚችል ማስረጃ ነው። አሥር ደቂቃ ደውሎ፣ ወሬውን በአንዱ ቋንቋ ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ሌላው መሻገር ይበቃል። የሚችል ሰው ተከትሎ ይሻገራል፤ የማይችለው «እሺ፣ እሺ» ማብዛት ይጀምራል።

አንድ ክፉ ልማድም አይተናል፤ እኛም አልዳንም። የአመልካቹን ስምና የትውልድ ቦታ አይቶ ቋንቋውን መገመት። ስሙ ከዚህ ወገን ስለሆነ ይችላል፣ ከዚያ ወገን ስለሆነ አይችልም እያሉ መደልደል። ጅማ ተወልዶ በአማርኛ ብቻ ያደገ አለ፤ ስሟ ምንም የማይናገር ነገር ግን መርካቶ ሱቅ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የምትሸጥበት ልጅም አለች። ስም ፈተና አይደለም። ሌላው ቢቀር ስሙን በወረቀት ሸፍኖ ማንበብ ይቻላል።

ወደ ትየባው እንሂድ። በቀኝ ክምር ካሉት አንዱ «80 ቃል በደቂቃ» ብሎ ጽፏል። በትየባ ፈተና ልማድ አንድ «ቃል» ማለት 5 ጊዜ ቁልፍ መምታት ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ስለዚህ 80 ቃል በደቂቃ 400 ምት ነው፤ በሴኮንድ ከ6 በላይ። የሚችል ሰው አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። በአማርኛ ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። በድምፅ በሚተየበው ኪቦርድ ላይ «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም ጣት 5 ጊዜ ይመታል፤ ሳድሱ «ም» በአንድ ምት ሲወጣ «ሰ» እና «ላ» ሁለት ሁለት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቁጥሩን የጻፈ ሰው በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ደቂቃ ተፈትኖ፣ ከነስሕተቱ ወይስ ተቀንሶ እንደሆነ ካልነገረን ምንም አልነገረንም።

ልጁን ጠርተን 5 ደቂቃ አስተየብነው። 900 ምት መታ፤ ማለትም 180 ቃል፣ በደቂቃ 36። ያልታረመ ስሕተቱ 25 ነበር፤ በደቂቃ 5 መሆኑ ነው። ሲቀነስ 31 ቀረ። መጥፎ ውጤት አይደለም፤ ድርጅቱ የጠየቀውም 30 ነበር። ልጁ 31 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ግን በመጀመሪያው ቀን እኛው ራሳችን ከ80ዎቹ በታች እናደርገው ነበር። ታዲያ ውሸቱን ማን አስተማረው?

ከዚያ ሁለተኛ ፈተና ሰጠን፤ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህኛው ለሥራው ይቀርባል። አንዳችን እንደ ደንበኛ ሆነን ስም፣ ስልክ ቁጥርና አቤቱታ በፍጥነት ተናገርን፤ እሱ እየሰማ ይጽፋል። የስልኩን 10 አኃዝ 9 አድርጎ ጻፈው፤ መልሶ አንብቦም አላረጋገጠም። በሥራው ላይ ይህ ማለት ደንበኛው መልስ ሲጠብቅ ይከርማል ማለት ነው። የመናኸሪያዋ ልጅ በፍጥነቱ 24 ላይ ቆመች። ቁጥሩን ግን ጽፋ መልሳ አነበበችልን።

ሦስተኛውና ከባዱ የቁጡ ደንበኛ ጉዳይ ነው። «በግፊት ውስጥ መሥራት የምችል» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ሳናጋንን፣ በአብዛኛው ሲቪ ላይ በአንድ ዓይነት ቃል ተቀምጧል። ልጁን «የተቆጣ ደንበኛ ገጥሞህ ያውቃል?» ስንለው «ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ አረጋጋዋለሁ» አለን። መቼ? ማን? ምን ተቆጥቶ? መልስ የለም። «አረጋጋዋለሁ» የወደፊት ነው፤ ማስረጃ ግን ያለፈ ግሥ ይፈልጋል።

ልጅቷ ያለፈውን ነገረችን። አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተበላሽቶ 40 የሚሆኑ ተጓዦች መስኮቷን ከበቡ። መጀመሪያ ያደረገችው፣ እስከ ነገ ሌላ መኪና እንደሌለ ቁርጡን መናገር ነው። «አሁን ይመጣል ብል ለአንድ ሰዓት ዝም ይሉኛል፤ ከዚያ መስኮቱን ይሰብሩታል» አለች። ቀጥሎ የሐኪም ቀጠሮ ያለባቸውን ለይታ ገንዘባቸውን አስቀድማ መለሰች፤ የቀሩትን ስም መዘገበች። የመጨረሻ ጥያቄያችን «ምን ለማድረግ አልተፈቀደልሽም ነበር?» የሚል ነው። ሳታስብ መለሰች፤ ካሳና ማደሪያ ቃል መግባት አልችልም፣ ለዚያ ኃላፊውን ጠራሁ አለች። በእውነት እዚያ የቆመ ሰው የሥልጣኑን ድንበር ያውቃል። ታሪኩን የፈጠረ ሰው ግን ሁሉንም ችግር ራሱ ይፈታዋል።

ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ትናንት የተመረቀ ልጅ ያለፈ ታሪክ ከየት ያምጣ?» ሲል ተከራከረን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለፈ ሥራ ሁሉ ደመወዝ የተከፈለበት አይደለም። የእናቱን ሱቅ የጠበቀ፣ በግቢው የመኝታ ክፍል ድልድል ሲደረግ የተማሪ አቤቱታ የተቀበለ፣ የዕድሩን መዋጮ የሰበሰበ ልጅ ቁጡ ሰው አይቷል። እንዲጽፈው ግን ማስታወቂያው ሊጠይቀው ይገባል። «ግፊት የሚቋቋም» ከማለት ይልቅ «የተቆጣ ሰው ያስተናገዱበትን አንድ ቀን በአምስት መስመር ይጻፉ» ብሎ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ከክምሩ ግማሹን ሥራ አመልካቾቹ ራሳቸው ይሠሩለታል።

ድርጅቱ ምን አደረገ? በ24 እና በ30 መካከል ባለው ልዩነት ግማሽ ቀን ተከራከርን። እኛ ያልነው፣ 6 ቃል በልምምድ ይመጣል፤ ቁርጡን መናገርና ቁጥር መልሶ ማንበብ ግን ዓመታት የወሰደ ነገር ነው። ኃላፊዋ በመጨረሻ ለሁለት ወር ሙከራ ተቀበለቻት። ልጁንም አልጣልነው፤ ተጠባባቂ ሆኖ ተይዟል፤ የራሱን 31 ቃል ግን ነግረነዋል።

በግራው ክምር ውስጥ ያላነሳናቸው ሌሎች አሉ። እነሱን ለማንበብ ጊዜ አልተሰጠንም። ዛሬም የሚከነክነን ይኸው ነው።