የፈሰሰው መድኃኒትና ያልተጠየቀው «ለምን»

ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያስመጣ፣ የሚያከፋፍል ወይም የሚቸረችር ነጋዴ መድኃኒቱ በመጋዘኑ ውስጥ ቢፈስስበት ስለ አደጋው ሪፖርት መጻፍ ይኖርበታል። ሪፖርቱን ዕቃውን የላከው ድርጅት፣ መድን ሰጪውና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሊያነቡት ይችላሉ። ከሪፖርቱ ክፍሎች ሁሉ ክርክር የሚነሣው «የምርመራ ውጤት» በሚባለው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ «ፍሳሹ የደረሰው ዕቃ ቤት ጠባቂው ባለመጠንቀቁ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምርመራው ገና ሳይጀመር መዘጋቱን የሚያሳይ ነውና ነጋዴው ሊፈርምበት አይገባም።

ለዚህ ጉድለት ቀላል መድኃኒት ተገኝቷል። የጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ ሰዎች አንድ መኪና በቆመ ጊዜ የተቃጠለውን ዕቃ ለውጠው ዝም አይሉም፤ «ለምን ተቃጠለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለመልሱም ሌላ «ለምን» ያቀርቡለታል፤ እስከ አምስት ጊዜም ይደጋግሙታል። የፋብሪካው ሹም ታይቺ ኦኖ ይህን ልማድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸውታል። አምስት የሚለው ቁጥር ሕግ አይደለም፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ በሦስተኛው፣ አንዳንድ ጊዜም በሰባተኛው ሊገኝ ይችላል።

አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ባለችው በሰላ ድንጋይ አንድ የእርሻ መድኃኒት መጋዘን አለ እንበል። ባለቤቱ በደብረ ብርሃን ይነግዳል፤ መጋዘኑን የሚጠብቅ አንድ ሠራተኛ አለው። በሐምሌ ወር ቅዳሜ ማታ የተዘጋው መጋዘን ሰኞ ጧት ሲከፈት ከታችኛው ረድፍ ያለ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተሰንጥቆ ተገኘ። በውስጡ የቀረው 3 ሊትር ነው። መድኃኒቱ በገብስና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ነው። ጠባቂው ወለሉን በውኃ አጠበው፤ እጣቢውም በደጃፉ ወጥቶ ወደ ቦዩ ገባ።

ጸሐፊው በመጀመሪያ የታየውንና የተለካውን ብቻ ይጻፍ። ጄሪካኑ ውስጥ 3 ሊትር ቀርቷል፤ ስለዚህ 17 ሊትር ፈስሷል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከቦዩ በታች ያለው የባቄላ ማሳ ግንዱ ተጠማዝዞ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ሲታይ፣ በአጠገቡ ያለው ገብስ ግን ምንም አልሆነም። ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን ተክል ሲጎዳ የገብስን ዘር በአብዛኛው ይተዋልና። ውርጭ ወይም በሽታ ነው የሚል ክርክር ቢነሣ መልሱ በማሳው ላይ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይቀጥላል። ጄሪካኑ ለምን ተሰነጠቀ? በላዩ አራት ጄሪካን ተጭኖበት ስለ ነበረ ነው፤ አንዱ ሙሉ ጄሪካን ወደ 25 ኪሎ ስለሚመዝን 100 ኪሎ ያህል ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው መመሪያ ግን ከሦስት በላይ መደርደርን ይከለክላል። ለምን አምስት ተደረደረ? ወለሉ በአንድ ረድፍ የሚይዘው 24 ጄሪካን ስለሆነ በሦስት ረድፍ 72 ብቻ ይገባል፤ በዚያ ዕለት የነበረው ግን 110 ነው። ለምን 110 ሆነ? ካለፈው ዓመት የተረፈ 50 እያለ አዲስ 60 ስለ ታዘዘ ነው። ለምን 60 ታዘዘ? ያለፈው ዓመት ማዘዣ እንዳለ ስለ ተገለበጠ ነው። ለምን የተረፈው አልተቀነሰም? የዕቃ መቆጣጠሪያው ካርድ በሰላ ድንጋይ፣ ማዘዣው በደብረ ብርሃን ስለሚጻፉ፣ ሁለቱ ሳይመሳከሩ ማዘዣ እንዳይፈረም የሚያዝ ደንብ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ምርመራው ከጠባቂው ተነሥቶ ማዘዣውን ከሚፈርመው ባለቤት ዘንድ ደረሰ። ብዙ ሪፖርት «ባለመጠንቀቁ» በሚለው ቃል የሚቆመውም ስለዚሁ ነው፤ ቀጣዩ «ለምን» ፈራሚውን ራሱን ይነካል። ጠባቂው ቢባረር እንኳ በሚመጣው ዓመት 60 ጄሪካን ይታዘዛል፤ አዲሱ ጠባቂም አምስት አድርጎ ይደረድራል።

ነገር ግን የተሰካካ መልስ ሁሉ እውነት አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መልስ ከጎኑ ማስረጃ ይጻፍለት፤ ካርዱ፣ ማዘዣው፣ የካርቶኑ ጽሑፍ። ቀጥሎም ሰንሰለቱ ከታች ወደ ላይ «ስለዚህ» እየተባለ ይነበብ። ሳይመሳከር ታዘዘ፤ ስለዚህ መጋዘኑ ሞላ፤ ስለዚህ አምስት ተደረደረ፤ ስለዚህ የታችኛው ተሰነጠቀ። በመጨረሻም መልሱ ሊፈርስ በሚችልበት ቦታ ይፈተን። ጥፋቱ የሸክሙ ከሆነ ሌሎቹም የታችኛው ረድፍ ጄሪካኖች ምልክት ሊታይባቸው ይገባል። ከ24ቱ ሰባቱ አብጠው ቢገኙ ነገሩ ይጸናል። አንድም ሳያብጥ የተሰነጠቀው ብቻ ከሥሩ ተበስቶ ቢገኝ ግን ከሥር የተነጠፈው ሳንቃ ሚስማር ይመርመር፤ የቀድሞውም ሰንሰለት ይሰረዝ።

አንድ ሰንሰለትም አይበቃም። መድኃኒቱ ለምን ፈሰሰ የሚለው አንድ ነገር ሲሆን፣ ለምን ከመጋዘኑ ወጣ የሚለው ሌላ ነው። ጠባቂው በውኃ ያጠበው አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ስላልነበረው ነው፤ ያልነበረውም ማንም ስላልገዛለት ነው። እጣቢው የወጣው ደጃፉ መድኃኒቱን የሚያግድ ከፍ ያለ መድረክ ስለሌለው ነው። በባቄላው ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚህኛው ሰንሰለት የመጣ ነው፤ 17 ሊትሩ በወለሉ ላይ በአሸዋ ተመጥጦ ቢቀር ኖሮ ኪሣራው የመድኃኒቱ ዋጋና የማጽጃው ወጪ ብቻ በሆነ ነበር። ያልታወቀውም ነገር «አልተረጋገጠም» ተብሎ ይጻፍ፤ ለምሳሌ ጄሪካኑ የተሰነጠቀበት ሰዓት።

በትንሹ መጋዘን የታየው ነገር በአገር መጠንም ደርሷል። በኢትዮጵያ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከ1,000 ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ፣ በርሜሉ ዝጎ ይፈስስ ነበር፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባገዘው ሥራ ብዙው ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በእሳት ተቃጠለ። «ለምን ፈሰሰ?» ቢባል «በርሜሉ ስለ ዛገ» የሚለው የመጀመሪያው መልስ ብቻ ነበር። ከበስተኋላው ከሚያስፈልገው በላይ ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ የመጣ ዕቃ፣ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን የማውጣት ልማድና ያልተመሳከረ ማዘዣ ነበሩ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ሂሳቡ የሚመጣው በድርጅቱ ስም እንጂ በጠባቂው ስም አይደለም። ስለዚህ በምርመራው ውጤት መጨረሻ የሰው ስም የተጻፈ እንደ ሆነ ነጋዴው ብዕሩን ያስቀምጥና አንድ ጊዜ ደግሞ «ለምን?» ይበል፤ መልሱ ነገ የሚለወጥ ደንብ፣ የሚገዛ አሸዋ ወይም የሚሠራ መድረክ በሆነ ጊዜ ይፈርም።