የጎማው አበላል ምን ይላል?

ደሴ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠሩ አንድ ወጣት ባለፈው ወር ከደብዳቤ ጋር አራት ፎቶግራፎች ልከውልናል። ወጣቱ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው፥ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የኖረ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዙ ነው። ሻጩ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ስለ ሆነ የአራቱን ጎማዎች ፎቶግራፍ አንሥተው በስልክ ላኩላቸው። «ጎማዎቹ ደኅና ናቸው፥ ገና ብዙ ይሠራሉ ብለውኛል፤ እኔ ግን የፊቱን ግራ ጎማ ሳየው ቅር አለኝ። ገንዘቡ የወንድሜም ነውና እባካችሁ ተመልክታችሁ ንገሩኝ» ይላሉ።

ጎማ የሚበላው እንደ አጋጣሚ አይደለም። የተበላበት ቦታና የአበላሉ ዓይነት የሚከተሉት ምክንያቱን ነው። ነፋስ የበዛበት ጎማ መካከሉ ስለሚያብጥ መሬቱን አጥብቆ የሚነካው በመካከሉ ነው፤ ስለዚህ መካከሉ ቀድሞ ያልቃል። ነፋስ ያነሰው ወይም ጭነት የበዛበት ደግሞ መካከሉ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ በሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል ይበላል። እዚህ ድረስ ማንም ጎሚስታ ይነግርዎታል።

የጠያቂያችን ጎማ ግን ከሁለቱም አይደለም። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ የፊቱ ግራ ጎማ የውጭ ትከሻው ብቻ ልሙጥ ሆኖ ጥርሱ ጠፍቷል፤ መካከሉና የውስጥ ትከሻው ደኅና ነው። ይህን ያየ ሰው ቶሎ ብሎ «የመንገዱ ጠባይ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩም ሐሰት አይደለም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ፥ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቁልቁለቱ በጠመዝማዛ የተሞላ ነው። መኪና ፍሬን ይዞ እየወረደ በታጠፈ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ከመታጠፊያው በውጭ በኩል ያለው የፊት ጎማ በውጭ ትከሻው ላይ ይጫናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመላለስ መኪና የፊት ጎማዎቹ የውጭ ትከሻ ክብ ክብ ብሎ ቢገኝ አያስደንቅም።

ነገር ግን መታጠፊያው አንዴ ወደ ቀኝ፥ አንዴ ወደ ግራ ነው። ጥፋቱ የመንገዱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ተቀራራቢ አበላል ይኖራቸው ነበር። ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ስናይ ግን የቀኙ ጎማ ትከሻ በጥቂቱ ከመክበቡ በቀር ጥርሱ አለ። እንግዲህ መንገዱ ያደረገው በቀኙ ጎማ ላይ የምናየውን ያህል ነው፤ በግራው ላይ ያለው ትርፍ ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው። አንድ ጎማ ብቻውን አይፈረድበትም፥ ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር ይታያል የምንለው ስለዚህ ነው።

ይሁንና በእነዚያ ፎቶግራፎች ብቻ ልንፈርድ አልቻልንም። የተነሡት በመብራት ብልጭታ ስለ ነበረ ጥላው ሁሉ ጠፍቷል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጥልቀት አይታይም። ጎማዎቹም ታጥበው ገና እርጥብ ነበሩ፤ እርጥብ ጎማ ስለሚያብለጨልጭ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ጠያቂያችን ራሳቸው ኮምቦልቻ ወርደው እንደገና እንዲያነሡልን ጠየቅናቸው።

እንዲህ አደረጉ። ጎማውን በጨርቅ አደረቁ። መሪውን በመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን፥ ቀጥሎም ወደ ሌላው አዙረው የጎማውን ፊት በሙሉ ከነውስጥ ትከሻው አነሡ። ብልጭታውን አጥፍተው የጧት ፀሐይ ከጎን እንድትመታው አደረጉ። መኪናውን በግማሽ ዙር ገፋ አድርገውም ደገሙት፤ የጎማ አበላል ዙሪያውን አንድ ላይሆን ይችላልና። ጥልቀቱን ለማወቅ የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አቁመው ከጥርሱ አፍ ጋር የተካከለበትን ቦታ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉና በተማሪ ማስመሪያ ለኩት። የቀኙ ጎማ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በቦዩ ወለል ላይ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር ሲተካከሉ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ማለት ነውና ጎማው አብቅቷል።

የጎን ብርሃኑ የፈለግነውን አሳየን። የጥርሶቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ወደ አንድ ወገን የሾለ ቢሆን ኖሮ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል፥ አላይመንት ይታይ እንል ነበር፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ይበላል። ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ቢሆን ደክሞ የሚያነጥር ሾክን፥ በአንድ ስፍራ ብቻ ልሙጥ ቢሆን ድንገት የያዘ ፍሬንን እንጠረጥር ነበር። ያየነው ግን ዙሪያውን እኩል የሆነ፥ ለስላሳ፥ በአንዱ ጎማ የውጭ ትከሻ ላይ ብቻ ያለ አበላል ነው። ይህም ጎማው አናቱ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ እንደሚሄድ ያመለክታል። ለምን እንደ ዘነበለ ግን ፎቶግራፍ ሊነግረን አይችልም፤ ወይ የተጣመመ ነገር አለ፥ ወይ የላላ።

ጠያቂያችን መካኒክ ይዘው ሄዱ። መካኒኩ የፊቱን ግራ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ቀጨጭ ቀጨጭ አለ፤ የታችኛው ቦልጆይንት ልል ነበር። ያ ዕቃ ቁልቁለት ላይ ቢወልቅ መኪናውን በመሪ መግዛት አይቻልም። አዲስ ጎማ ብቻ ገዝተው ቢያስገቡለትም ኖሮ ያም በዚያው በኩል በተበላ ነበር።

የኋላ ጎማዎቹን በተመለከተ ሌላ ነገር አገኘን። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ሻጩም «የ14 ዓ.ም. ሥሪት ናቸው፥ በጎናቸው ላይ ተጽፏል» ብለው ነበር። በእርግጥ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ 1214 የሚል ቁጥር ይነበባል። ሁለቱ የፊተኞቹ ቁጥሮች ሳምንቱን፥ ሁለቱ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የ2014 እ.ኤ.አ. 12ኛው ሳምንት በእኛ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው። ሻጩ ሊያታልሉ ላይፈልጉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጎማዎቹ እሳቸው ከሚሉት በስምንት ዓመት ያረጁ ናቸው። ትልልቅ ጎማ ሠሪዎች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ ለውጡ ይላሉ፤ ላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃልና። ከጎን ሲነሣም በጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታይተዋል።

ሻጩ ቦልጆይንቱን በራሳቸው ወጪ ሊያስለውጡ፥ የሦስቱንም ጎማዎች ዋጋ ከሒሳቡ ሊቀንሱ ተስማሙ። ወንድማማቾቹ መኪናውን ገዝተዋል፤ ከቦልጆይንቱ በኋላ አላይመንቱን ሳያስለኩ አዲሶቹን ጎማዎች እንዳያስገቡ ነግረናቸዋል።

ፎቶግራፍ ልትልኩልን የምታስቡ አንባቢያን፥ የተጎዳውን ጎማ ብቻ ሳይሆን ጓደኛውንም አንሡ። የትኛው የግራ፥ የትኛው የቀኝ እንደ ሆነ ጻፉ። ጎማዎቹ በቅርብ ጊዜ ቦታ ተለዋውጠው እንደ ሆነም ንገሩን፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ጎማ ይዞት የሚመጣው የቀድሞ ቦታውን ጥፋት ነው።