ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ግን መቼ?

በኩፐርቲኖና በአካባቢዋ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ እናቱ ከአገር ቤት ስትመጣለት፣ የስጦታ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በሻንጣ ልክ ነው። ካፖርት፣ ጫማና ስልክ ይገዛል፤ የመመለሻው ቀን ሲቃረብም ሻንጣው በሚዛን ላይ ይወጣል። አብሮ ወጥቶ መዋል ግን እንደ መስተንግዶ እንጂ እንደ ስጦታ አይቆጠርም። ይህ አቆጣጠር መታረም ይኖርበታል። ሆኖም «ከዕቃ ይልቅ ትዝታ ስጡ» የሚለው ወቅታዊ ምክርም እንዳለ ቢወሰድ ሌላ ስሕተት ይወልዳል።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ጆኤል ዋልድፎገል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ለገና የተቀበሏቸውን ስጦታዎች ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጧቸው ጠየቀ። ግምታቸው ከተከፈለው ገንዘብ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል አንሶ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰጪው የተቀባዩን ፍላጎት እንደ ተቀባዩ አያውቅም። ሲንዲ ቻንና ካሲ ሞጊልነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥያቄውን ከዋጋ ወደ ዝምድና አዞሩት። በእነርሱ ግኝት፣ ተቀባዩ የሚኖረው ወይም የሚያየው ነገር ከዕቃ ይልቅ ከሰጪው ጋር ያለውን ትስስር ያጠብቃል። ትስስሩን የሚያጠብቀው አብሮ መገኘቱ ሳይሆን፣ ስጦታው በሚኖርበት ጊዜ የሚቀሰቅሰው ስሜት ብርታት ነው። ስለዚህ መመዘን ያለበት መውጣቱ ሳይሆን፣ የወጣው ሰው በዚያ ቦታ ምን እንደሚሆን ነው።

ለምሳሌ ለልጅ ልጇ እንክብካቤ መጥታ ለጥቂት ወራት የተቀመጠች አንዲት እናት እንውሰድ። መኪና አትነዳም፤ እንግሊዝኛም አትናገርም። ልጆቿ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ናቸው። ቡና አፍልታ የምትጠራው ጎረቤት የለም። የጎደላት ነገር ካፖርት ሳይሆን ከቤት መውጫና አብሮ የሚውል ሰው ነው። የዕቃው ዋጋ ምንም ያህል ቢጨምር ይህን እጥረት አይነካውም።

አሁን ሁለት መውጫዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው የአፕል ዋና መሥሪያ ቤት የጎብኝዎች ማዕከል ነው። እዚያ አዋቂው ልጁ ነው፤ እርሱ ያስረዳል፣ እናት «እሰይ» እያለች ትከተላለች። ሁለተኛው ከከተማዋ ጥግ ያለው የራንቾ ሳን አንቶኒዮ ጥብቅ ስፍራ ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ማይል ያህል በእግር ሲኬድ ፍየል፣ በግና ዶሮ የሚረቡበት ዲር ሆሎው የተባለ የእርሻ ስፍራ ይገኛል። በዚህ ቦታ አዋቂዋ እናት ናት። ስለ ፍየሏ የምትናገረው፣ የልጅ ልጇም የሚጠይቀው እርሷን ነው። ወራቱን ሙሉ ተከታይ ሆና የኖረች ሴት ለአንድ ቀን መሪ ትሆናለች። ብርቱውን ስሜት የሚቀሰቅሰው ይህ የሚና ለውጥ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ቅዳሜ አይበልጥም። ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ ግን የእግር መንገዱ ስጦታውን ቅጣት ያደርገዋልና፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዕቃ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። የዋልድፎገል ስሌት ተቀባዩ ስጦታውን ለራሱ ያስቀረዋል ብሎ ይነሣል። አገር ቤት የምትመለስ እናት ግን ከሻንጣዋ አብዛኛውን የምታወጣው ለሌሎች ነው፤ ለእህቷ ነጠላ ጫማ፣ ለጎረቤቷ ሽቶ፣ ለዕድርተኛዋ ሻርፕ። እርሷ ራሷ ያልለበሰችው ሹራብ ባከነ ማለት አይደለም፤ «ከአሜሪካ ምን አመጣሽ?» ለሚላት ዘመድ ሁሉ ሰጪ የመሆን ክብር አስገኝቶላታል። ይህን ክብር ሽርሽር ሊተካው አይችልም። በተጨማሪም ሊ፣ ሆልና ዉድ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ የልምድ ግዢ የሚያስገኘው የደስታ ብልጫ ጎልቶ የሚታየው ኑሮ በተሻለላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ገቢው ጠባብ ለሆነ ሰው መነጽር ወይም ጥሩ ጫማ የዕለት ተዕለት ሕይወቱን ይለውጣል። የሰጪው ምቾት የወለደውን ምርጫ በተቀባዩ ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም።

እንግዲህ መለያው ቀላል ነው፤ ተቀባዩ ያጣው ምንድን ነው? ያጣው ነገር በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፣ ወይም ለሌላ የሚያካፍለው ከፈለገ ዕቃ ይሰጠው። ያጣው የሰጪው ጊዜ ከሆነ ግን የተጠቀለለ ዕቃ የዚያ ጊዜ ምትክ ሆኖ ይቀርባል፤ ተቀባዩም ይህን አይስተውም። ስጦታው መሳካቱ የሚታወቀውም በምስጋናው አይደለም፤ አበሻ ሁሉንም ያመሰግናልና። የሚታወቀው እናት ማታ አዲስ አበባ ደውላ በምትናገረው ነው። «ወሰዱኝ፣ አሳዩኝ» ካለች ተስተናግዳለች። «ፍየሎቹን አይቼ ለልጁ እንዲህ አልኩት» ካለች ስጦታው ደርሷታል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አበው ፍትፍቱ ይቅር አላሉም። ያሉት፣ ፊት በሌለበት ገበታ የፍትፍቱ ብዛት አያጠግብም ነው።