ደብዳቤው ደርሷል፣ አባሪው የለም

አንድ ቢሮ የጽሕፈት መሣሪያ ለመግዛት ለበርካታ አቅራቢዎች የዋጋ መጠየቂያ በኢሜይል ይልካል። «በዝርዝሩ መሠረት ዋጋ ሞልታችሁ እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት ድረስ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ዝርዝሩ ተያይዟል» ይላል። ከአቅራቢዎቹ በአንዱ ዘንድ የምትሠራ የማውቃት ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ኢሜይሉን ስትከፍተው ጽሑፉ አለ፣ ዝርዝሩ የለም። «ሰላም፣ አልደረሰኝም» ብላ መለሰች። ከሰዓት በኋላ «ጠዋት ልከናል፣ በደንብ ተመልከቺ» ተባለች። ተመለከተች፤ የለም። ረቡዕ ዕለት «በድጋሚ ልከናል» የሚል መጣ፣ እሱም ባዶውን ነበር። ነገሩ የተፈታው ሐሙስ ጠዋት በስልክ ሲሆን፣ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁለት ቀን ሲሠሩበት የቆዩትን ዋጋ እሷ በጥቂት ሰዓታት ሞላችው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። የግዥ ሠራተኛው ለሌሎቹ አቅራቢዎች የላከው ኢሜይል ላይ ዝርዝሩ በትክክል ተያይዟል። ለዚህኛው ድርጅት ግን ከዚህ ቀደም ተጻጽፈውበት በነበረ አንድ ኢሜይል ላይ «Reply» ብሎ ጽሑፉን ገልብጦ ለጠፈው፤ ጽሑፍ ሲገለበጥ ፋይል አብሮ አይገለበጥም። ልጅቷ «አልደረሰኝም» ስትለው ወደ ተላኩ መልእክቶቹ ገባና ከላይ ያገኘውን፣ ለሌሎቹ የላከውን ከፈተ። ፋይሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ቢምል አይፈረድበትም። ረቡዕ ደግሞ ባዶውን ኢሜይል መልሶ በ«Reply» ላከላት። የመጀመሪያው ላይ ፋይል ቢኖር እንኳ በዚህ መንገድ አይሄድም ነበር፤ «Reply» የቀድሞውን ጽሑፍ ከታች ይዞ ሲሄድ አባሪውን ይተወዋል፣ «Forward» ግን አባሪውንም ይዞ ይሄዳል።

እኔ ግን ከእሱ ስሕተት ይልቅ የእሷ መልስ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሁላችንም የምንጽፈው እንደዚያው ነውና። «አልደረሰኝም» ምኑ ነው ያልደረሰው? ኢሜይሉ? ዝርዝሩ? ወይስ ዝርዝሩ ደርሶ አልከፈት አለ? ሊንክ ነበረና «ፈቃድ የለህም» አለ? እነዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ላኪው የቱ እንደሆነ ስለማያውቅ ለእሱ የሚቀናውን ይገምትና «ልኬዋለሁ እኮ» ብሎ ያርፋል።

የተለመደ ግምት አለ፦ «ፋይሉ ከብዶ ይሆናል»። በኢሜይል ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ አያስኬድም። ኢሜይል ሲላክ ጽሑፉና አባሪው በአንድ መልእክት ውስጥ ተጠቅልለው ነው የሚጓዙት። ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ጽሑፉ ብቻውን ሾልኮ አይመጣም፣ ሙሉ መልእክቱ ነው የሚቀረው። ጂሜይል ለምሳሌ በግል አድራሻ ሲላክ እስከ 25 ሜጋባይት አባሪ ይፈቅዳል። ፋይሉ ከተፈቀደው ሲበልጥ ላኪው ከመነሻው አይፈቀድለትም፣ ወይም መልእክቱ እንዳልደረሰ የሚገልጽ ማሳወቂያ ይመለስለታል፣ ወይም ጂሜይል ራሱ ፋይሉን ድራይቭ ላይ አስቀምጦ በሊንክ ይተካዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ደርሶ ፋይልም ሊንክም ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አለመያያዙ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የመሥሪያ ቤት ማጣሪያ ነው፤ አንዳንድ ቢሮዎች አጠራጣሪ ያሉትን ፋይል ከመልእክቱ ነቅለው ያስቀራሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አጭር ማስታወሻ ይተዋሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከመጻፍ በፊት የራስን ቤት መፈተሽ ተገቢ ነው። በስልክ ያልታየ ፋይል በኮምፒውተር ሊታይ ይችላል። በአንድ ርዕስ ሥር የተደራረቡ መልእክቶች ካሉም ፋይሉ ከበፊተኞቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍተው ከመልእክቱ ቀኝ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ይጫኑና «Show original» የሚለውን ይምረጡ። የመልእክቱ ጥሬ ገጽ ይከፈታል። አስፈሪ ይመስላል፣ የሚፈልጉት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
Content-Disposition: attachment; filename="zirzir.xlsx"
```

ይህ መስመር ካለ ፋይሉ እርስዎ ጋ ደርሷል፤ ችግሩ የሚያሳይዎት ስልክ ወይም ፕሮግራም ላይ ነው። የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ በስሙ ቦታ ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ፊደላት ቢደረደሩ አይደንግጡ፣ ስሙ ለጉዞ ሲዘጋጅ እንደዚያ ነው የሚሆነው። መስመሩ ከሌለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልእክት ውስጥ ፋይል አልደረሰዎትም ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህ ላኪው ረስቷል ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «አላያያዙትም» ብሎ መጻፍን የማልወደው። እርስዎ የሚያውቁት የሚያዩትን ብቻ ነው።

ልጅቷ ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ብትጽፍ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። Oct 22 የላኩልን ‹የጽሕፈት መሣሪያ ግዥ› የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ደርሶናል። ጽሑፉ የዕቃዎች ዝርዝር እንደተያያዘ ይገልጻል፤ እኛ ጋ በደረሰው ላይ ግን ፋይል አይታይም። በስልክም በኮምፒውተርም አይተናል፣ ስፓም ውስጥም የለም። እባክዎ ለእኛ ድርጅት የተላከውን ኢሜይል ከ‹Sent› ከፍተው ፋይሉ መኖሩን ይመልከቱልንና ዝርዝሩን በአዲስ ኢሜይል ይላኩልን። ማቅረቢያው ሐሙስ ስለሆነ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢደርሰን በጊዜው ሞልተን እንመልሳለን።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኢሜይሉ መድረሱን ይናገራል፤ ይህ ካልተባለ ላኪው አድራሻ ተሳስቶ እንደሆነ ይጨነቃል ወይም ያንኑ መልሶ ይልካል። «ለእኛ ድርጅት የተላከውን» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ የግዥ ሠራተኛውን ለሌሎቹ የላከውን ከማየት ታድነው ነበር። ቀኑን በፈረንጅ የጻፍኩት ለይስሙላ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው Oct 22 ሆኖ እርስዎ «ጥቅምት 12» ካሉ ሰውየው ማስላት ሊጀምር ነው። ሰዓቱ የባሰ ነው፤ ስልኩ 9:40 ሲያሳይ አንዱ 3:40 ጠዋት ይለዋል፣ ሌላው 9:40 ከሰዓት ብሎ ይፈልጋል። ሰዓቱን ትቶ ርዕሱንና ስክሪኑ የሚያሳየውን ቀን መጥቀስ ይሻላል።

ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል። ለአለቃ ወይም በዕድሜ ለሚበልጠን ሰው ስንጽፍ «ምናልባት እኔ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል፣ ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ» እያልን ሦስት መስመር እንጽፍና ፋይሉ እንደሌለ ሳንናገር እንፈርማለን። እሳቸውም «ችግር የለም» ብለው ይመልሳሉ፤ ፋይል አይልኩም፣ አልተጠየቁማ! አክብሮቱ በ«እርስዎ» እና በ«እባክዎ» ይገለጽ፤ «ፋይሉ አይታይም» የምትለዋ ግን ሳትሸፈን ትቀመጥ። «አይታይም» ማንንም አይከስም።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጽሑፉና ፋይሉ ተለያይተው ሊላኩ ይችላሉ፤ «ይኸው ሰነዱ» የሚለው ወዲያው ሲደርስ ሰነዱ ደካማ ኔትወርክ ላይ ላኪው ስልክ ውስጥ ገና እየተጫነ ይቆያል። በኢሜይል ያልሠራው «ፋይሉ ከብዶ ይሆናል» እዚህ ይሠራል። ላኪውን «በድጋሚ ላክ» ከማለት በፊት ፋይሉ ጎን ያለው ምልክት የሰዓት ይሁን የጭረት መጠየቅ ነው፤ ሰዓት ከሆነ ገና ከስልኩ አልወጣም።

ሊንክ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የጎግል ድራይቭ ሊንክ ከፍተው «You need access» ካለዎት ሊንኩ ደርሷል፣ በሩ ነው የተዘጋው። ድራይቭ ላይ አዲስ የተጫነ ፋይል ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር «Restricted» ሆኖ ነው የሚቆየው። ወይም ለቢሮ ኢሜይልዎ ተፈቅዶ ስልክዎ በግል ኢሜይልዎ ገብቶ ይሆናል። ስለዚህ «ሊንኩ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ሊንኩ ተከፍቷል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የገባሁት በዚህ አድራሻ ነው» ብለው አድራሻውን ይጻፉ። «Request access» የሚለውን መጫን ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጥያቄው ለፋይሉ ባለቤት በኢሜይል ይሄዳል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሊንኩን የላከልዎት ሰው ላይሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከማያውቁት ሰው «ደረሰኙ ተያይዟል» የሚል ባዶ ኢሜይል ከመጣ አባሪው የለም ብለው አይመልሱ። ያልጠበቁትን ፋይል መልሰው መጠየቅ ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው።

የድሮው መዝገብ ቤት ይህን ችግር በአንድ መስመር ይዘጋው ነበር። ሸኚ ደብዳቤው «ከዚህ ደብዳቤ ጋር 3 ገጽ አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እንገልጻለን» ይላል፤ ተቀባዩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ገጾቹን ይቆጥራል፣ ከጎደለ ሳይፈርም ይመልሰዋል። በኢሜይል «ተያይዟል» ብቻ ብለን ስንት እንደሆነና ምን እንደሚባል ስለማንጽፍ ሦስት ፋይል ልከን ሁለቱ ብቻ ቢደርሱ ተቀባዩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። «አባሪ፦ 2 ፋይል፣ የዕቃ ዝርዝር እና የውል ረቂቅ» ብሎ መጨመር የሚወስደው ጊዜ የለም።

ላኪዎችም አንድ ነገር አድርጉልን። «አልደረሰኝም» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ «ልኬያለሁ» ከማለታችሁ በፊት ለዚያው ሰው የላካችሁትን ኢሜይል ከፍታችሁ እዩ፤ ለሌላው የላካችሁትን አይደለም።