ያልተለካ ሥዕልና የጠፋች ቅስት

በፈተና ወረቀቶች ላይ ከጎነ ሦስት ሥዕል ሥር «ሥዕሉ በልኬት የተሣለ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ ይነበባል። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው፤ ተማሪው በማስመሪያ ለክቶ ሳይሆን አስልቶ እንዲመልስ ያስገድዳልና። ሆኖም ይህ ማሳሰቢያ የማይሸፍነው አንድ ጥፋት አለ፤ ይህንንም ጥፋት እኔ ራሴ ፈጽሜዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣሁት ፈተና ላይ በC ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ABC ሣልሁ። AC 7 ሴንቲ ሜትር ተሰጥቶ፣ የBC ርዝመት ይጠየቃል። ማዕዘን B 28° መሆኑን ለማመልከት በጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ቅስት አደረግሁ፤ ቦታ ስላጠረኝ ግን ቁጥሩን በጎን AB መካከል አጠገብ ጻፍሁት። ወረቀቱ ሲባዛ ቅስቲቱ ጠፍታ ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

ማዕዘኑን የB ነው ያሉ ተማሪዎች እንዲህ አሰሉ፦

BC = 7 ÷ tan 28° ≈ 13.2

የA ነው ያሉት ደግሞ፦

BC = 7 × tan 28° ≈ 3.7

የኋለኞቹን ስሕተት ብዬ አረምሁ። አንዲት ተማሪ ግን ወረቀቷን ይዛ መጥታ «መምህር፣ ማዕዘኑ የትኛው ጫፍ ላይ ነው?» ስትለኝ፣ እኔም ከወረቀቱ ላይ ለይቼ ማሳየት አልቻልሁም። ሁለቱንም መልስ ትክክል አድርጌ እንደገና አረምሁ።

«መልሳቸውን ቢያመዛዝኑ ኖሮ ስሕተቱን ይደርሱበት ነበር» የሚል አንባቢ ይኖራል። ማመዛዘኛው የታወቀ ነው፦ 28° ከ45° ስለሚያንስ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ጎን ከሌላኛው የቀጤ ማዕዘን ጎን ማጠር አለበት። ማዕዘኑ የB ከሆነ 7 ከ13.2 ያጥራል። የA ከሆነም 3.7 ከ7 ያጥራል። ሁለቱም መልሶች ፈተናውን ያልፋሉ። ይህ ዘዴ ሳይንንና ኮሳይንን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ያቀያየረውን ተማሪ ይይዛል፤ ምልክቱን በሌላ ጫፍ ያነበበውን ግን አይዝም። ወደ ሥዕሉ ቅርጽ እንዳይመለስም ቅርጹን አትመን ተብሏል።

ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች መለየት ይገባል። የጎኖቹ ምጥጥን መረጃ አይደለም፤ ሊዛባ ይችላል። የማዕዘን ምልክት ግን መረጃ ነው፤ እንደ 7 ሴንቲ ሜትሩ ሁሉ ያለ ጥርጥር መነበብ አለበት። ሥዕሉ በልኬት ባልተሣለ መጠን ምልክቱ ይበልጥ ጎልቶ መታየት ይኖርበታል፤ ተማሪው ሌላ መደገፊያ የለውምና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጥያቄ አውጪው በጽሑፉ ውስጥ «∠ABC = 28°» ብሎ ይጻፍ፤ ቅስቲቱ ብትጠፋም ጥያቄው ይቆማል። ተማሪውም ምልክቱ ካልታየው ፈታኙን ይጠይቅ፤ ካልተቻለም ሥዕሉን አተልቆ እንደገና ይሣልና «ማዕዘኑን በB ወስጃለሁ» ብሎ ከስሌቱ በፊት ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር በወረቀቱ ላይ ብትኖር ኖሮ፣ እኔም ያለ አግባብ ባላረምሁ ነበር።